ዜድ ከወጣ በኋላ

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ፌስታሎች ይመጡልኛል። የምኖረው የባለሱቆችን ሂሳብ መዝገብ በመሥራት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ደንበኞቼ የዓመቱን ደረሰኝ ጠቅልለው ይዘውልኝ ይመጣሉ። አንዱ በፌስታል፣ አንዱ በጫማ ካርቶን፣ አንዱ ደግሞ በላስቲክ አስሮ በኪሱ ያመጣል። በ2017 ሐምሌ አንዲት የቀለምና የኤሌክትሪክ ዕቃ ባለሱቅ ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡልኝ። ከክምሩ መሐል አንድ እፍኝ የሚሆነው ባዶ ነጭ ወረቀት ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው አንዱን አንስቼ።

«ደረሰኝ ነዋ!»

«የምን ደረሰኝ?»

ተቀበሉኝና ወደ መስኮቱ ወስደው አገላብጠው አዩት። «እንጃ ልጄ፤ ሲሰጡኝ እንኳ ጽሑፍ ነበረው።»

ጽሑፍ ነበረው። የጠፋው ግን እሳቸው ስላበላሹት አይደለም። የካሽ ሪጅስተር ማሽን በቀለም አይጽፍም፤ ውስጡ ሪባንም ቀለምም የለም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ነገር ተቀብቷል፤ ማሽኑ በትንሽዬ የጋለ ጫፍ ፊደሉንና ቁጥሩን ያጠቁርበታል። ማረጋገጥ የፈለገ ሰው የደረሰኙን ፊት በጥፍሩ ጠንከር አድርጎ ይሰንጥቀው፤ ጥቁር መስመር ይወጣል። በሙቀት የመጣ ጽሑፍ ግን አይበረክትም። ፀሐይ ያደበዝዘዋል፣ የምግብ ዘይትና የእጅ ቅባት ይበላዋል፣ ሳኒታይዘር ቢነካው ወዲያው ይበላሻል። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ለወራት ሲቀመጥም ከፕላስቲኩ የሚወጣው ነገር ጽሑፉን ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። የተቀደደ ደረሰኝ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ሙጫው የነካው ቁጥር ቀድሞ ይሄዳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ምጣድ አጠገብ የተቀመጠ እንደሆነ በተቃራኒው ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል። አንዴ የጠፋውን ወይም የጠቆረውን የሚመልስ ነገር አላየሁም። በካውያ የሞከረ ደንበኛ ነበረኝ፤ ጥቁር ወረቀት ይዞ መጣ።

ስለዚህ ደረሰኙ ገና ጥቁርና ነጩ ተለይቶ በሚታይበት በዚያው ቀን ማታ በስልክ ፎቶ ማንሳት የቅንጦት ሥራ አይደለም። እትዬ ጋ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ይህን አብረን ይዘናል። መጀመሪያ ላይ ያሳየኋቸው መንገድ አልሠራም፤ ያን ቀድሜ ልናገር። እያንዳንዱን ፎቶ ስም እየቀየሩ፣ ቀኑንና የሻጩን ስም እየጻፉ እንዲያስቀምጡ ነበር የነገርኳቸው። ለእኔ ይመቻል። እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ቆመው የዋሉ ሰው ናቸው፤ ማታ በትንሽ የስልክ ፊደል ላይ ጣት ሲገጥሙ ሦስት ቀን ቆይተው ተዉት። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አሁን የሚሠሩበት መንገድ ስልኩ ላይ አንድ ፊደል እንኳ አያስጽፍም። የጥቅምት 14ን፣ የዓርብን ማታ፣ እንዳየሁት ላውራ።

የሱቁ በር ግማሽ ዝቅ ብሏል። ረዳታቸው የሆነው ልጅ ዕቃ ያስገባል። እትዬ መጀመሪያ ያደረጉት ዜድ ማውጣት ነው። ዜድ ሪፖርት ማሽኑ የቀኑን ሽያጭ ጠቅልሎ የሚያትምበት ወረቀት ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀኑ ቆጠራ ከዜሮ ይጀምራል። የዚያን ዕለት ዜድ ከታክስ በፊት 16,200 ብር፣ ቫት 2,430 ብር፣ በድምሩ 18,630 ብር ይላል። ዜድ የራሱ ተከታታይ ቁጥር አለው። ይህ ቁጥር ወር ሲዘጋ ምን እንደሚጠቅም ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ።

ቀጥለው ካሜራውን አላነሱም፤ ብሩን ቆጠሩ። ይህ ቅደም ተከተል የእሳቸው ግኝት ነው። ከቀኑ ሽያጭ 7,430 ብሩ በቴሌብርና በባንክ የገባ ነው፤ በእጅ የተቀበሉት 11,200 ብር ነው። ጠዋት ለመልስ የሚሆን 2,000 ብር መሳቢያው ውስጥ ነበር። ለተሸካሚ 200፣ ለፒካፕ 600 ከፍለዋል። ስለዚህ መሳቢያው ውስጥ 12,400 ብር መገኘት አለበት። ሁለቴ ቆጠሩት፤ 12,150 ነው። 250 ብር የለም።

«አንተ፣ ምን ገዛህበት?» አሉት ልጁን።

«እኔ ምንም አልገዛሁ። ለዘበኛው እኮ ሰጥተውታል፣ ከሰዓት፤ ከደሞዜ ይታሰብልኝ ብሎ።»

እውነት ነው፤ ሰጥተውታል። ከአራት ሰዓት በፊት የሆነ ነገር ስለነበረ ልጁ አስታወሰ። በሐምሌ ቢጠየቅ ማንም አያስታውሰውም። እትዬ ወዲያው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ የብሩን መጠን፣ «ከደሞዝ የሚታሰብ» የሚለውን ጽፈው ዘበኛውን ጠርተው አስፈረሙት። ብሩ ሳይቆጠር ፎቶ ቢነሳ ኖሮ ይህች ወረቀት አትጻፍም ነበር። ደረሰኝ የሌለው ወጪ በሙሉ የሚያዘው እንዲህ ነው። ለተሸካሚውና ለፒካፑም የሰውየው ስም፣ የተከፈለበት ሥራ፣ መጠኑና ፊርማው ያለበት የወጪ ማስመስከሪያ አለ። በእርግጥ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ወጪ ሁሉ ይቀበላል ማለት አይደለም። ቢሆንም መሳቢያው የት እንደጎደለ ባለቤቷ ያውቁታል፤ እኔም መዝገቡ ላይ የት እንደማስገባው አውቃለሁ።

አሁን ነው ስልኩ የሚመጣው። የመጀመሪያው ፎቶ የደረሰኝ አይደለም። አንድ ሙሉ የደብተር ወረቀት ላይ በትልቁ በእስክሪብቶ «ዓርብ፣ ጥቅምት 14/2018፣ 7 ፎቶ» ብለው ይጽፉና እሱን ያነሳሉ። ይህ የቀኑ ሽፋን ነው። ስልኩ ላይ ፎቶዎቹን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያገላብጡ እነዚህ ትልልቅ ጽሑፎች ቀናቱን እንደ አጥር ይለያዩዋቸዋል፤ ስም መቀየር፣ አልበም መክፈት አያስፈልግም። «7 ፎቶ» የሚለው ደግሞ መቆጣጠሪያ ነው፤ ከሽፋኑ በኋላ ስድስት ብቻ ካሉ አንድ ወረቀት ተዘሏል ማለት ነው።

ቀኑን በእጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፉ ሌላ ጥቅምም አለው። ስልኩ ፎቶውን የሚያስቀምጠው በፈረንጅ ቀን ነው፤ የማሽን ደረሰኝም እንዲሁ በፈረንጅ ቀን ይወጣል። የቫት ወራችን ግን የእኛው ወር ነው። ኅዳር ውስጥ እትዬን ያደናገራቸው አንድ ደረሰኝ ነበር፤ ቀኑ 10/11/2025 ይላል። ደረሰኙ ቀንን አስቀድሞ ወርን አስከትሎ ስለሚጽፍ ይህ የፈረንጅ ኖቬምበር 10፣ ማለትም ኅዳር 1 ነው። ወሩን አስቀድሞ ያነበበ ሰው ግን ኦክቶበር 11 ይለዋል፤ ያ ደግሞ ጥቅምት 1 ነው። በአንድ ወረቀት አንድ ወር ሙሉ ይሳሳታል፣ ግዢው ያለቦታው ይታወጃል። ሽፋኑ ላይ «ኅዳር 1» ተብሎ ስለተጻፈ ጥያቄው ሳይነሳ ቀረ።

ወደ ዓርቡ ማታ ልመለስ። እያንዳንዱ ወረቀት ጀርባው ላይ በእርሳስ ተራ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ዜዱ 1፣ የመርካቶው ግዢ 2፣ ተሸካሚው 3፣ ፒካፑ 4፣ ዘበኛው 5። እርሳስ ወይም ተራ እስክሪብቶ ይሁን እንጂ ማርከር አይነካውም፤ የማርከር ፈሳሽ ወደ ፊት ሰርጎ ጽሑፉን ሊያበላሽ ይችላል።

ለማንሳት የሚጠቀሙበት ነገር አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው ሰፊ መዝገብ ነው። ነጭ ደረሰኝ ነጭ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ጠርዙ ከጠረጴዛው ጋር ይቀላቀላል፣ ካሜራውም ብርሃኑን ሲመጥን ጽሑፉን ያገረጣዋል። ጥቁር ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ደረሰኝ ከጥቅልል ስለሚቆረጥ መታጠፍ ይወዳል፤ አራቱ ማዕዘን ላይ አራት የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጣሉ። ፍላሽ ጠፍቷል። የማሽን ወረቀት ፊቱ ያንጸባርቃል፤ ፍላሽ ሲበራ መሐሉ ላይ ነጭ ቦታ ይፈጠራል፣ ያ ቦታ ደግሞ እንደ አጋጣሚ ሆኖ ብዙ ጊዜ ድምሩ ያለበት ነው። የጣሪያው አምፖል ከራስ በላይ ስለሆነ የስልኩ ጥላ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ እትዬ ለዚህ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይሄዳሉ። መብራት በጠፋ ማታ ልጁ የራሱን ስልክ ባትሪ አብርቶ ከጎን፣ ዝቅ አድርጎ ይይዝላቸዋል፤ ከላይ ከተበራ ያው እንደ ፍላሽ ነው።

ስልኩ ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ፣ ሳይዘነብል ከላይ ይያዛል። ብዙ ሰው ጽሑፉ ትንሽ ስለሆነ ይጠጋዋል፤ ካሜራው ደግሞ በጣም ሲጠጉት ማነጣጠር ያቅተውና ያደበዝዛል። ከመጫናቸው በፊት ድምሩ ላይ በጣታቸው አንዴ ነካ ያደርጋሉ፣ ካሜራው እዚያ ላይ እንዲያነጣጥር።

ሁለተኛው ወረቀት ትንሽ ጣጣ ነበረበት። ከመርካቶ የመጣ የአራት ባልዲ ቀለም ግዢ ነው፤ ከታክስ በፊት 8,400፣ ቫት 1,260፣ በድምሩ 9,660 ብር። መርካቶ የገዛ ሰው እንደሚያውቀው ሻጩ አታችመንት የሚባለውን ሰፊ ወረቀት በእጁ ይሞላል፤ የገዢው ስምና ቲን ቁጥር፣ የዕቃው ዝርዝር እዚያ ላይ ነው። ትንሿ የማሽን ደረሰኝ አናቱ ላይ በስቴፕለር ትመታለች። አታችመንቱ ያለ ማሽን ደረሰኝ ዋጋ የለውም፤ ወረቀቱ ራሱ ይህንኑ በእንግሊዝኛ ያስጠነቅቃል። እንዲህ ተደርበው ፎቶ ሲነሱ ግን ትንሿ ደረሰኝ ከሥሯ ያለውን የገዢ ስምና ቲን ትሸፍነዋለች። እኔ ወር ሲያልቅ ፎቶውን ስከፍት የሻጩን እንጂ የገዢውን አላይም። ስለዚህ ስቴፕሉ ሳይነቀል ደረሰኟ ወደ ላይ ትገለበጥና አታችመንቱ ብቻውን አንዴ፣ ከዚያ ትመለስና የማሽኗ ደረሰኝ ብቻዋን ሌላ ጊዜ ትነሳለች። ለዚህ ነው አምስት ወረቀት ስድስት ፎቶ የሆነው።

ሰባተኛው ፎቶ የስክሪንሾት ነው። ለቀለሙ የከፈሉት ቀን ላይ በባንክ ሞባይል ነበር። የባንኩ ወይም የቴሌብር መልእክት ብር መክፈልዎን ያሳያል እንጂ የግዢ ደረሰኝ አይደለም፤ በእሱ ብቻ ቫት ማስቀነስ አይቻልም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን የትኛው ክፍያ የትኛውን ግዢ እንደዘጋ መጠየቅ ይቀራል፤ ለእኔ ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው ይህ ጥያቄ ነው። ችግሩ ቀን ላይ ስክሪንሾት ቢያነሱት በስልኩ ተራ ከሽፋኑ በፊት ይወድቃል፣ የትናንቱ ጎራ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። እትዬ ማታ ያንኑ መልእክት እንደገና ከፍተው የመርካቶውን ደረሰኝ ባነሱ በማግሥቱ ሴኮንድ ስክሪንሾት ያደርጉታል። ያኔ ቦታው ላይ ይውላል።

አንስተው ሲጨርሱ ወረቀቱን ወዲያው አያስገቡም። እያንዳንዱን ፎቶ ይከፍቱና በሁለት ጣት አስፍተው ሦስት ቦታ ያያሉ፤ የሻጩን ቲን፣ ኤፍ ኤስ የሚለውን የደረሰኝ ቁጥርና ድምሩን። 3 እና 8፣ 0 እና 6 በደበዘዘ ፎቶ አንድ ናቸው። እነሱን መለየት ከቻሉ ሌላው ሁሉ ይነበባል። በግዢው ላይ አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ የራሳቸው ቲን በትክክል መጻፉ። ያን ዓርብ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ነበር፤ ሻጩ አሥር አሃዝ መጻፍ ሲገባው ዘጠኝ ጽፏል። ቅዳሜ ጠዋት ልጁ መርካቶ ሄዶ አስተካክሎ መጣ፤ ሻጩ ገና ፊቱን ያስታውሰው ስለነበር አልተከራከረም።

ያ አንድ አሃዝ ምን ያህል ያስከፍል እንደነበር ቀላል ሂሳብ ነው። ከዓርቡ ሽያጭ የተሰበሰበው ቫት 2,430 ብር ነው፤ ለግዢው የከፈሉት ቫት 1,260። ደረሰኙ ተቀባይነት ካለው ለመንግሥት የሚያስገቡት ልዩነቱን፣ 1,170 ብር ነው። ከሌለው ሙሉውን 2,430 ያስገባሉ። ዓመት ሲዘጋ ደግሞ 8,400 ብሩ ወጪ ሆኖ ስለማይያዝ ያላተረፉት ትርፍ ግብር ይታሰብበታል። በፌስታሉ ውስጥ የነበሩት ነጫጭ ወረቀቶች እያንዳንዳቸው እንዲህ ያለ ነገር ነበሩ፤ ስንት እንደነበር ግን እሳቸውም እኔም ልናውቅ አንችልም።

ረጅም ደረሰኝ ሲያጋጥም በአንድ ፎቶ ለማስገባት አይታገሉ። ከላይና ከታች ሁለቴ ይነሳ፤ የመጀመሪያው ፎቶ መጨረሻ ያለው ዕቃ በሁለተኛው መጀመሪያ ላይ እንዲደገም ይደረግ፣ በመሐል መስመር እንዳልተዘለለ የሚታወቀው በዚያ ነው። ይህ በተለይ ፎቶውን በቴሌግራም ለሚልኩልኝ ደንበኞች አስፈላጊ ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልከው ያሳንሰዋል፤ በተለምዶ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ነጥብ ይወርዳል። 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም የጅምላ መደብር ደረሰኝ በዚህ ሲከፈል ለአንድ ሳንቲ ሜትር 21 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ቁጥር ስድስት ነጥብ ይሆናል ማለት ነው። በስድስት ነጥብ 3ን ከ8 የሚለይ ዓይን የለኝም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሲልኩ የማያያዣዋን ምልክት ነክተው `File` የሚለውን መርጠው ከዚያ ፎቶዎቹን መምረጥ። ያኔ ሳይነካ እንዳለ ይደርሰኛል።

ከመላክ ሌላ ቅጂውን የሚጠብቅ ቦታ ያስፈልጋል። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ውስጥ ይገባል። አንዱ ደንበኛዬ ጋ ደግሞ ሕፃን ልጁ ጨዋታ የሚጭንበት ቦታ ጠቦት የሁለት ሳምንት ፎቶ አጠፋ። እትዬ የሚጠቀሙት ራሳቸው ብቻ የሚያዩትን `Saved Messages` ነው፤ ሱቁን ከመዝጋታቸው በፊት የቀኑን ስምንት ፎቶ፣ ሽፋኑን ጨምሮ፣ በ`File` ወደዚያ ይልካሉ። አንድ ፎቶ ሦስት ሜጋ ባይት ቢሆን የአንድ ማታው 24 ሜጋ ባይት ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖር 624 ሜጋ ባይት ይሆናል። ይህ የበዛበት ሰው ካሜራው ውስጥ ገብቶ የፎቶውን መጠን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ የዘመኑ ስልኮች ለደረሰኝ ከሚያስፈልገው በላይ ነው የሚያነሱት። ዝቅ ካደረጉ በኋላ ግን ያንን የሦስት ቦታ ፍተሻ አንዴ ይድገሙት።

ወረቀቱስ? አይጣልም። ኦዲት የመጣ ሰው የሚጠይቀው ዋናውን ደረሰኝ ነው፤ ፎቶ የወረቀቱን ቦታ አይወስድም። አንዳንዱ ባለሱቅ ፎቶ አለኝ ብሎ ወረቀቱን ሲጥል አይቻለሁ፤ ይህ ወረቀት ይዞ ፎቶ ካለማንሳትም የባሰ ነው። ፎቶው ሥራው ሌላ ነው፤ ወሩን ለመሥራት ይበቃል፣ ወረቀቱ ሲደበዝዝም የነበረውን ጽሑፍ ያሳያል። እትዬ የየዕለቱን ወረቀት ከሽፋኑ ጋር ያጥፉና ካኪ ፖስታ ውስጥ ያስገባሉ፤ ለወር አንድ ፖስታ። ፕላስቲክ አይነካውም። ፖስታዎቹ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከፀሐይና ከቀለም ባልዲዎቹ ርቀው ይቀመጣሉ፤ ቲነር የሚተንበት ሱቅ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከእኔ በኩል ምን ተለወጠ? ድሮ ፌስታሉን ስገለብጥ መጀመሪያ በወር፣ ከዚያ በቀን እደረድራለሁ፤ ያ ብቻ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ምንም ሳልጽፍ። አሁን እያንዳንዱ ፎቶ በኮምፒውተሬ ላይ አንድ ረድፍ ይሆናል፤ ቀን፣ ተራ ቁጥር፣ የሻጩ ቲን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ ከታክስ በፊት ያለው፣ ቫቱ፣ ድምሩ። ተራ ቁጥሩ እትዬ ጀርባው ላይ ከጻፉት ጋር አንድ ስለሆነ ጥያቄ ሲኖረኝ ስልክ እደውልና «የጥቅምት 14፣ ቁጥር 4» እላለሁ፤ ፖስታውን ከፍተው ያነቡልኛል። የአንድ ወር ሥራ ከሰዓት በኋላ አንድ ላይ ያልቃል።

ያልታሰበ ጥቅም የሰጠው ደግሞ ያ የዜድ ቁጥር ነው። ዜድ በተከታታይ ስለሚቆጠር ሽያጭ ውስጥ የጎደለ ቀን ካለ ራሱ ይናገራል። ኅዳር መጀመሪያ የጥቅምትን ሽያጭ ስሞላ 311፣ 312 አልኩና ቀጥሎ 314 መጣ። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ 313 ዜድ የለም። ሱቁ ተዘግቶ የዋለበት ቀን አለ?»

«የለም፣ ጥቅምት ሙሉ ከእሑድ በቀር ከፍቻለሁ።»

«ከ312 በኋላ ያለውን ሽፋን ይዩልኝ እስቲ። ስንት ፎቶ ይላል?»

ስልካቸውን ሲያገላብጡ ይሰማኛል። «አራት ይላል።» ትንሽ ቆዩ። «የተነሳው ሦስት ነው። ያን ቀን መብራት ሄዶ ነበር፤ ልጁ ነው ያነሳው።»

ስልኩን ሳይዘጉ የጥቅምትን ፖስታ አወጡ። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ፣ ከዚያ አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ ኳ ብሎ ሲወድቅ ሰማሁ። 313 ዜድ እንደ ሲጋራ ተጠቅልሎ ነበር፤ ውስጡ የቀረች የአንድ ብር ሳንቲም።